ሁሉን ቆጥሮ መሳሳት

በ2001 ዓ.ም. ኅዳር ወር የሦስተኛው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ ውጤት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርብ፣ ከሁሉም በላይ ያነጋገረው የአማራ ክልል ቁጥር ነበር። ክልሉ 17 ሚሊዮን 200 ሺህ ገደማ ሕዝብ አለው ተባለ። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ራሱ ቀደም ብሎ ባወጣው ትንበያ ግን 19 ሚሊዮን 600 ሺህ ገደማ ይጠበቅ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ሰው ነው። በጥቅምት 1987 ዓ.ም. ከተካሄደው ቆጠራ እስከ ግንቦት 1999 ዓ.ም. ድረስ የአገሪቱ ሕዝብ በየዓመቱ በአማካይ 2.6 በመቶ ሲያድግ፣ የአማራ ክልል ያደገው 1.7 በመቶ ብቻ ሆኖ ተመዘገበ።

ስለዚህ ልዩነት የተነሣው ክርክር ዛሬም አልበረደም። እዚህ ላይ የማነሣው የክርክሩን ፖለቲካ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን የሙያ ጥያቄ ነው። ቆጠራ እያንዳንዱን ቤት አንኳኩቶ፣ እያንዳንዱን ሰው መዝግቦ የሚሠራ ሥራ ነው። ጥቂቱን አይቶ ስለ ብዙኃኑ አይገምትም። እንዲህ ከሆነ የሚሊዮኖች ስሕተት ከየት ሊመጣ ይችላል?

ለዚህ መልስ ለመስጠት በስታቲስቲክስ ሙያ ተለይተው የሚታወቁትን ሁለት የስሕተት ዓይነቶች ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው የናሙና ስሕተት ነው፤ የሚመጣው ከሁሉም ሰው ፈንታ ጥቂቱን በመጠየቃችን ብቻ ነው። ሁለተኛው ከናሙና ውጪ የሆነ ስሕተት ነው። የተሳሳተ ዝርዝር፣ ያልተደረሰበት መንደር፣ በቅጡ ያልተጠየቀ ጥያቄ፣ የተድበሰበሰ መልስና በምዝገባ ጊዜ የገባ ግድፈት ሁሉ የዚህኛው ወገን ናቸው። ሙሉ ቆጠራ የመጀመሪያውን ስሕተት ያጠፋዋል። ሁለተኛውን ግን አይነካውም፤ እንዲያውም ሥራው ሲሰፋ ቆጣሪው ስለሚበዛና ሥልጠናው ስለሚሳሳ ሊያባብሰው ይችላል። በ1999ኙ ቆጠራ ጊዜ አጭሩ መጠይቅ ለሁሉም ቤተሰብ፣ ረጅሙ ደግሞ ከአምስት ቤተሰብ ለአንዱ ብቻ ነበር የቀረበው። ስለዚህ በረጅሙ መጠይቅ የተገኙት ቁጥሮች ሁለቱንም ስሕተቶች ይሸከማሉ። የሕዝቡ ጠቅላላ ብዛት ግን ስሕተት ካለበት፣ ስሕተቱ ያለ ጥርጥር የሁለተኛው ዓይነት ነው።

ሁለቱ እንዴት እንደሚለያዩ ለማየት ወደ ሰሜን ሸዋ እንውጣና የግሼ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በራቤል ዙሪያ ጥናት እያደረግን ነው እንበል። ከዚህ በታች የምሰጣቸው የራቤል ቁጥሮች ለማስረዳት ብቻ የመረጥኳቸው እንጂ የተለኩ አይደሉም። ማወቅ የፈለግነው ስንት በመቶ የሚሆነው ቤተሰብ ለሥራ ከወረዳው የወጣ ሰው እንዳለው ነው። ከወረዳው ቤተሰቦች ዝርዝር 400ውን በዕጣ አወጣን፤ ጠየቅን፤ 20 በመቶዎቹ አለን አሉ። በማግሥቱ ሌላ 400 በዕጣ ብናወጣ 18 በመቶ፣ በሳልስቱ ብንደግመው 21 በመቶ ሊመጣ ይችል ነበር። ይህ ከዕጣ ወደ ዕጣ የሚታይ መዋዠቅ ነው የናሙና ስሕተት የሚባለው። ጥሩ ጎኑ መጠኑን ከዚያው ከአንዱ ናሙና አስልቶ ማወቅ መቻሉ ነው። 400 ቤተሰብ ተጠይቆ 20 በመቶ ከተገኘ፣ የተለመደው የ95 በመቶ የእርግጠኝነት ክልል 4 ነጥብ ወደ ላይ፣ 4 ነጥብ ወደ ታች ይሆናል፤ ማለትም ከ16 እስከ 24 በመቶ። ናሙናውን አራት እጥፍ አድርገን 1,600 ብናደርሰው ክልሉ በግማሽ ይጠባል፤ ሁለት ነጥብ ብቻ ይሆናል። 6,400 ብናደርሰው አንድ ነጥብ ይቀራል። በተግባር ቤተሰቦቹ የሚመረጡት በጥቂት የቆጠራ ቦታዎች ተሰብስበው ስለሆነና ጎረቤት ከጎረቤት ስለሚመሳሰል፣ ክልሉ ከዚህ ሰፋ ይላል። ሕጉ ግን ያው ነው፤ በገንዘብና በድካም የሚጠብ ስሕተት ነው።

አሁን ያንኑ ዝርዝር እንፈትሸው። ዝርዝሩ የተገኘው ከቀበሌ ነው፤ የተጻፈውም በመሬት ይዞታና በግብር ከፋይነት ነው። እንዲህ ያለ ዝርዝር ማንን እንደሚረሳ የደጋውን ኑሮ የሚያውቅ ሰው አያጣውም። አግብቶም መሬት ሳይደርሰው በአባቱ ግቢ ጎጆ የቀለሰ ወጣት አይኖርበትም። መሬቷን ለሌላ ገበሬ በሲሶ እያሳረሰች ልጆቿን የምታሳድግ መበለት ስሟ በሟች ባሏ ስም ተሸፍኖ ይቀራል። ራቤል ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይተው የሚማሩ የገጠር ልጆች ወላጆቻቸው ዘንድም አከራያቸው ዘንድም ሳይጻፉ ያልፋሉ። ቁልቁል ገደሉ ሥር ያሉ ሁለትና ሦስት ቤቶች ደግሞ ዝርዝሩን የጻፈው ሰው ካልወረደ አይታዩም።

እንበልና እነዚህ ከዝርዝሩ የቀሩት ቤተሰቦች ከወረዳው 15 በመቶ ናቸው። መሬት ያነሳቸው ወይም ያልደረሳቸው በመሆናቸውም ለሥራ የሚወጣ ሰው ያለባቸው 60 በመቶዎቹ ናቸው። በዝርዝሩ ካሉት ዘንድ 20 በመቶ ነበር። እውነተኛው የወረዳው አኃዝ እንግዲህ ከ85ቱ በመቶ 20 በመቶው፣ ከ15ቱ በመቶ 60 በመቶው ተደምሮ 26 በመቶ ይሆናል። የእኛ ጥናት ግን ምንም ያህል ቢደጋገም በ20 ዙሪያ ይቆማል። የሽፋን መዛባት የሚባለው ይህ የ6 ነጥብ ጉድለት ነው። መጠኑ የሚወሰነው በሁለት ነገሮች ብዜት ነው፤ ከሽፋን የቀሩት ሰዎች ድርሻ አንዱ ሲሆን፣ የቀሩት ከተገኙት የሚለዩበት ልክ ሌላው ነው። የቀሩት ከተገኙት ጋር በሁሉ ነገር ቢመሳሰሉ 15 በመቶ ሰው ቀርቶም ይህ ምጣኔ ባልተዛባ ነበር። ጠቅላላውን ብዛት ለማወቅ ግን መመሳሰሉ አይረዳም፤ የቀረ ሰው የቀረ ነው።

ዋናው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ናሙናው 400 በነበረ ጊዜ ክልላችን ከ16 እስከ 24 ነበር፤ እውነተኛው 26 ከጫፉ ትንሽ ነው የሚርቀው። 6,400 ቤተሰብ ስንጠይቅ ክልሉ ከ19 እስከ 21 ሆነ። ጥናቱ ሲተልቅ ከእውነቱ አልቀረበም፤ በስሕተቱ ላይ የበለጠ እርግጠኛ ሆነ እንጂ። በሪፖርት ላይ ከቁጥሩ ጎን የሚጻፈው የመደመርና የመቀነስ ምልክት የሚናገረው ስለ ዕጣው ብቻ ነው። ዝርዝሩ ማንን እንደረሳ፣ ጠያቂው ምን እንደጻፈ ምንም አይነግረንም። አንባቢ፣ ጋዜጠኛና የወረዳ ባለሥልጣን ሁሉ ያንን ምልክት የስሕተቱ ጠቅላላ ልክ አድርጎ ሲወስድ ማየት ለእኔ ከዚህ ሙያ ችግሮች ሁሉ የከፋው ነው።

ወደ 1999ኙ ቆጠራ ስንመለስ፣ 2 ሚሊዮን 400 ሺው ሙሉ በሙሉ ያልተቆጠረ ሰው ነው ማለት አይቻልም። ትንበያው ራሱ በ1987 ቆጠራ ላይ የቆመ ግምት ነው፤ ወሊድ፣ ሞትና ፍልሰት በዚህ በዚህ መንገድ ይሄዳሉ ብሎ ያሰላ። በአማራ ክልል ወሊድ መቀነሱን የጤናና የሥነ ሕዝብ ዳሰሳዎች ያሳያሉ፤ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው አማካይ ቁጥር በ1997ቱ ዳሰሳ 5.1 ሲሆን፣ በ2008ቱ 3.7 ደርሷል። ብዙ ሰው ከክልሉ ወጥቶ በሌላ ክልል ተቆጥሮም ይሆናል። ግን ደግሞ በ1997 የአገሪቱ አማካይ 5.4 ነበር፤ ከ5.1 ጋር ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። የአማራ ክልል ከ1987 ጀምሮ በአገሪቱ አማካይ ፍጥነት አድጎ ቢሆን ኖሮ በ1999 ወደ 19 ሚሊዮን 100 ሺህ ይደርስ ነበር። ይህን የሚያህል ክፍተት በወሊድ መቀነስ ብቻ መሙላት አስቸጋሪ ነው። የቀረው በሞት፣ በፍልሰትና በሽፋን ጉድለት መካከል እንዴት እንደሚከፋፈል ጠቅላላ ድምሩን በማየት አይታወቅም። በእኔ አስተያየት ክርክሩ ይህን ያህል የረዘመው ሁለቱም ወገን አንዱን ድምር ይዞ ስለሚከራከር ነው።

ጉድለቱን ለመለየት የተሠራ መሣሪያ ግን አለ። ከቆጠራው በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በዕጣ በተመረጡ የቆጠራ ቦታዎች፣ የመጀመሪያውን መዝገብ ያላዩ ሌሎች ሰዎች እንደ ገና ይቆጥራሉ። ከዚያ ሁለቱ መዝገቦች ስም በስም፣ ቤት በቤት ይመሳከራሉ። በአንድ የቆጠራ ቦታ ቆጠራው 700 ሰው፣ ድጋሚው 720 ሰው አገኘ እንበል፤ በሁለቱም መዝገብ የተገኙት ደግሞ 630 ናቸው። ድጋሚው ካገኛቸው 720 ሰዎች ውስጥ ቆጠራው የደረሰው ለ630ዎቹ ነው፤ ይህ ሰማንያ ሰባት ከግማሽ በመቶ ነው። ስለዚህ ቆጠራው የጻፋቸው 700 ሰዎችም የነዋሪው ሰማንያ ሰባት ከግማሽ በመቶ ናቸው ብለን ብንወስድ፣ ነዋሪው 800 ሆኖ ይገኛል፤ 100 ሰው ቀርቷል። ይህ ስሌት የሚሠራው ሁለቱ ቆጠራዎች አንዱ ሌላውን ሳይመለከት ሲሠሩ ነው። በመጀመሪያው ቆጣሪ የታለፈው ገደል ሥር ያለ መንደር በሁለተኛውም ከታለፈ፣ ጉድለቱ በስሌቱ ውስጥ ጭራሽ አይታይም። ለዚህ ነው ድጋሚው ቆጣሪ የአካባቢውን የእግር መንገድ የሚያውቅ፣ ግን የመጀመሪያውን መዝገብ ያላየ ሰው መሆን ያለበት።

እስካሁን ያየነው ያልተደረሰባቸውን ሰዎች ነው። የተደረሰባቸውንም በትክክል መለካት ሌላ ፈተና ነው። የመንዝና የግሼ ደጋ ሀብት በግ ነው፤ የመንዝ በግ በስሙ ይታወቃል። ገበሬው በር ላይ ቆሞ “ስንት በግ አለህ?” ብሎ መጠየቅ ቀላል ይመስላል። በደጋው ግን የርቢ ልማድ አለ። አንዱ በጉን ለሌላው ይሰጣል፤ አርቢው ይጠብቃል፣ ያረባል፤ የተወለደውን እንደ ውላቸው ይካፈላሉ። ባለቤቱ ሲጠየቅ “በጎቼ” ብሎ ይቆጥራቸዋል፤ አርቢው ሲጠየቅ በግቢው ስላሉ እሱም ይቆጥራቸዋል። ወይም ባለቤቱ “እኔ ዘንድ የሉም”፣ አርቢው ደግሞ “የእኔ አይደሉም” ይሉና በጎቹ ከሁለቱም መዝገብ ይወጣሉ። መጠይቁ በባለቤትነት ነው ወይስ በጥበቃ የሚለውን ቁርጥ አድርጎ ካልጠየቀ፣ ስሕተቱ በሺህ በሚቆጠሩ ቤተሰቦች ውስጥ ይደጋገማል። በዚህ ላይ ቁጥሩ ለግብር ወይም ለእርዳታ ምልመላ ይውላል ብሎ የሚጠረጥር ገበሬ ከመንጋው ጥቂቱን ዝም ብሎ ይተዋል። ይህ ጥርጣሬ ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚገፋ፣ ብዙ ሰው በመጠየቅ የአንዱ ስሕተት በሌላው አይጣፋም። የልኬት መዛባት ከተራ የጠያቂ ግድፈት የሚለየው በዚህ ነው።

የሰብል ምርት መለኪያ ደግሞ ስሕተቱ በዓይን ሊታይ የሚችልበት ቦታ ነው። በዓመታዊው የግብርና ናሙና ጥናት ምርት የሚገመተው በማሳ ውስጥ በዕጣ በወጣ ቦታ 4 ሜትር በ4 ሜትር ተለክቶ፣ ሰብሉ ታጭዶ፣ ተወቅቶና ደርቆ በመመዘን ነው። ያ ቦታ 16 ካሬ ሜትር ነው፤ ሄክታሩ የዚህ 625 እጥፍ ነው። ከአንድ የገብስ ማሳ 3.2 ኪሎ ተገኘ እንበል፤ በሄክታር 20 ኩንታል መሆኑ ነው። አሁን አጫጁ ገመዱ ዳር ላይ የቆመውን ዘለላ ሁሉ “ውስጥ ነው” ብሎ ቢያጭድ፣ በአራቱም ጎን አምስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢጨምር፣ ቦታው 4.1 በ4.1 ይሆናል፤ 16.81 ካሬ ሜትር። ጭማሪው 5 በመቶ ነው፤ 20ው ኩንታል ወደ 21 ይጠጋል። ጣት የሚያህል ጭረት በወረዳ ምርት ላይ አንድ ኩንታል በሄክታር ጨመረ ማለት ነው። ማሳ ብዙ ሲለካ የዕጣው መዋዠቅ ይጠፋል፤ ይህ አምስት በመቶ ግን አንድም አይቀንስም። የሚያጠፋው የተወጠረ ገመድ፣ በጥብቅ የተተከለ ችካልና ዳር ላይ ያለ ተክል ውስጥ ነው ውጪ የሚለውን በግንዱ መነሻ የሚወስን ሥልጠና ነው።

በቤተሰብ ዳሰሳ ደግሞ ሌላ ዓይነት የልኬት መዛባት አለ፤ ምንጩ ጠያቂው ራሱ ነው። በጤናና ሥነ ሕዝብ ዳሰሳ ስለ ክትባት፣ ስለ ተቅማጥ፣ ስለ ምገባ የሚጠየቁት ረጃጅም ክፍሎች የሚመለከቱት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ነው። ድካም የበዛበት ጠያቂ አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረውን ልጅ ስድስት ዓመት አድርጎ ቢጽፈው የብዙ ደቂቃ ሥራ ይቀርለታል። ይህ በአገራችን ዳሰሳዎችም የታወቀ ችግር ነው። ሲሆን ደግሞ ዱካ ይተዋል፤ በልደት ዓመት ተከፋፍለው በተዘረዘሩ ሕፃናት ሰንጠረዥ ውስጥ በአምስተኛው ዓመት ድንበር ላይ ጉድጓድ፣ ከድንበሩ ማዶ ደግሞ ጉብታ ይታያል። ወላዶች በድንገት አንድ ዓመት ወሊድ አቁመው በሌላው አልጨመሩም። የቅርቡ አምስት ዓመት ወሊድ ግን ከእውነቱ ያነሰ፣ ያለፈው ደግሞ የበዛ መስሎ ይወጣል፤ የወሊድ መቀነስም ከነበረው ፈጣን ሆኖ ይነበባል። ከላይ ያነሣሁትን የወሊድ አኃዝ የሚያነብ ሰው ይህንንም አብሮ ማሰብ አለበት።

ዕድሜም እንዲሁ ነው። የልደት ቀኑን በጽሑፍ ያልያዘ ሰው ዕድሜውን በ0ና በ5 በሚያልቅ ቁጥር ይናገራል፤ 39ና 41 ይጠፉና 40 ይቆለላል። የዚህ መመዘኛ የዊፕል መለኪያ ይባላል፤ ከ23 እስከ 62 ዓመት ያሉትን ይዞ በ0ና በ5 የሚያልቁት ከሚጠበቀው ስንት በመቶ እንደሆኑ ያሰላል። 100 ከሆነ መከመር የለም፤ ሁሉም ሰው በ0ና በ5 ዕድሜውን ከተናገረ 500 ይሆናል። ከ175 በላይ የሆነ መረጃ በጣም ሻካራ ተብሎ ይመደባል።

እነዚህ ምርመራዎች በዳሰሳ ሪፖርቶች ውስጥ ሳይሸሸጉ ታትመዋል። የ2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መጨረሻ ላይ ያሉትን አባሪዎች የሚከፍት አንባቢ በአንደኛው የእያንዳንዱን ክልል የናሙና ስሕተት፣ በሚቀጥለው ደግሞ የዕድሜና የልደት ዓመት ሰንጠረዦችን ያገኛል። ሁለቱ አባሪዎች የሚናገሩት ስለ ተለያዩ ነገሮች ነው። የመጀመሪያው ጠባብ ክልል እያሳየ ሁለተኛው ጉድጓድና ጉብታ ሊያሳይ ይችላል።

የዚያው ዳሰሳ ሌላ ችግር ለራቤል ዓይነት ወረዳዎች ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። ናሙናው የወጣው ከ1999ኙ ቆጠራ በተገኙ 84,915 የቆጠራ ቦታዎች ዝርዝር ነው፤ እያንዳንዳቸው በአማካይ 181 ቤተሰብ የያዙ። አራተኛው ቆጠራ በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ ታስቦ ተራዘመ፤ በ2011 እንደ ገና ተራዘመ፤ ከዚያም ወዲህ አልተካሄደም። የዚያ ዳሰሳ ናሙና እንግዲህ የቆመው በዚያው ባነጋገረው ቆጠራ ካርታ ላይ ነበር። ጥንቃቄ ያላቸው ዳሰሳዎች የተመረጡትን የቆጠራ ቦታዎች ከመጠየቃቸው በፊት ቤቶቻቸውን እንደ ገና ይዘረዝራሉ፤ ይህም በተመረጠው ቦታ ውስጥ ያለውን እርጅና ያስተካክላል። በ1999 ባዶ ስለነበረ ወይም በወቅቱ ስለታለፈ በካርታው ላይ ያልገባ መንደር ግን ለመመረጥ ዕድል አልነበረውም፤ እንደ ገና የሚዘረዘረው የተመረጠው ብቻ ነውና። እያንዳንዱ ቦታ ለመመረጥ ያለው ዕድል የተሰላውም በዚያን ጊዜ በነበረው የቤተሰብ ብዛት ነው።

በሚቀጥለው ቆጠራ ራቤል ላይ የሚመደብ ተቆጣጣሪ በመጀመሪያው ቀን መሥራት ያለበት ሥራ ግልጽ ነው። የቀበሌውን ዝርዝር ይዞ ከመውረዱ በፊት የቆጠራ ቦታውን ድንበር በእግሩ ይዙር፤ ከየጎጡ አንድ አንድ ሽማግሌና አንድ አንድ እናት ይጥራና በዚህ ግቢ ውስጥ ስንት ምድጃ ለየብቻ እንደሚነድ ይጠይቅ። ከቀበሌው ዝርዝር ውጪ የተገኙትን ቤቶች ለይቶ በሌላ ወረቀት ይጻፍ። ያ ሁለተኛ ወረቀት ከቆጠራው ጋር አብሮ በወረዳ በወረዳ ታትሞ ቢወጣ፣ ከ2001 ጀምሮ በአንድ ድምር ላይ የሚደረገው ክርክር መሬት ላይ ያለ ማስረጃ ያገኛል።